የካቴተር ሌክቸርን ወደ መለማመጃ ካርድ መቀየር፦ ከአራቱ የካርድ ዓይነቶች የትኛው ይመረጣል?

ለክሊኒካል ምዘና የሚዘጋጅ የነርሲንግ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር በእጁ ይኖረዋል፤ አንደኛው በክፍል የተሰጠው ሌክቸር፣ ሁለተኛው ደግሞ በስኪል ላብ ዲሞንስትሬሽኑ ሲታይ በችኮላ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። ሁለቱም ተቀምጦ ለማንበብ እንጂ ቆሞ ለመሥራት የተዘጋጁ ስላልሆኑ፣ ምዘናው ሲቃረብ ተማሪው ትምህርቱን ወደ አንድ የመለማመጃ ካርድ ማሳጠር ይጀምራል። ይሁንና ካርዱ ምን ዓይነት ቅርጽ ሊኖረው እንደሚገባ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ሥራው የሌክቸሩን አንቀጾች ወደ ትንሽ ወረቀት ከመገልበጥ አያልፍም። ይህ መመሪያ ተማሪዎች በተግባር የሚጠቀሙባቸውን አራት የካርድ ዓይነቶች በአንድ ክህሎት ላይ፣ ማለትም ለሴት ታካሚ ፎሊ ካቴተር በማስገባት ላይ ያነጻጽራል። ይህ ክህሎት የተመረጠው የካርድ ጉድለት ጎልቶ የሚታይበት በመሆኑ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ረጅም ነው፣ ስቴራይል መሆንን ይጠይቃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንድ ነጥብ በኋላ ነርሷ የምትሠራበት ነጻ እጅ አንድ ብቻ ይሆናል።

ሌክቸሩ ለምን እንዳለ ካርድ አይሆንም

የካቴተር ሌክቸር በተለመደው አቀራረቡ ከትርጉም ይጀምርና ለምን እንደሚደረግ፣ መቼ እንደማይደረግ፣ የካቴተር ዓይነቶችንና መጠኖችን፣ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን፣ አሠራሩን፣ ጥንቃቄዎችን፣ በመጨረሻም ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ያስተምራል። ይህ ለማስተማር የሚመች ቅደም ተከተል ነው፤ እጅ የሚሠራበት ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ «ባሉኑ በሽንት ቧንቧው ውስጥ እያለ ቢሞላ ቧንቧውን ይጎዳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሌክቸሩ መጨረሻ ገጽ፣ በጉዳቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ በሥራው ላይ ግን የሚያስፈልገው ሲሪንጁ ከመገፋቱ አንድ ቅጽበት በፊት ነው። የላቴክስና የአዮዲን አለርጂ ጉዳይም በጥንቃቄዎች ሥር ይጻፍ እንጂ የሚጠየቀው ዕቃው ትሮሊ ላይ ከመደርደሩ በፊት ነው።

እንግዲህ ሌክቸርን ወደ ካርድ የመቀየር ዋናው ሥራ ማሳጠር ሳይሆን ማዛወር ነው። እያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈበት ክፍል ተነሥቶ እጅ ወደሚደርስበት ቦታ መሄድ አለበት። አራቱን የካርድ ዓይነቶች የምንመዝነውም በዋናነት በዚህ መለኪያ ይሆናል።

የትምህርት ቤቱን የምዘና ቅጽ እንደ ካርድ መጠቀም

በጣም ቀላሉ ምርጫ በስኪል ላብ ማኑዋል ውስጥ ያለውን ቼክሊስት ፎቶ ኮፒ አድርጎ መለማመድ ነው። ይህ ምርጫ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ነጥብ የሚሰጠው በዚያ ቅጽ ወይም በእርሱ አምሳያ በመሆኑ፣ ተማሪው ምን እንደሚቆጠርለት አስቀድሞ ያያል። ኦስኪ የሚባለው ምዘና እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ በሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ ሲቀርብ ከመሠረታዊ ሐሳቦቹ አንዱ ይህ ነበር፤ ሁሉም ተፈታኝ በአንድ ዓይነት ጣቢያ አልፎ አስቀድሞ በተዘጋጀ መመዘኛ ይታያል። ስለዚህ ቅጹን ሳያዩ መዘጋጀት ጥበብ አይደለም።

ችግሩ ቅጹ የተጻፈው ቆሞ ለሚመለከት ሰው መሆኑ ነው። «የስቴራይል አሠራርን ጠብቋል» የሚለው መስመር ለመዛኙ በቂ ነው፤ ለሚሠራው ግን የትኛው እጅ ምን መንካት እንደሌለበት አይነግረውም። «ካቴተሩን በትክክል አስገብቷል» የሚለውም ምን ያህል ሴንቲሜትር፣ ሽንት ባይወጣስ ምን ይደረጋል የሚለውን አይመልስም። ስለዚህ ይህ ቅጽ በራሱ መለማመጃ መሆን አይችልም፤ ትክክለኛ ቦታው በጓደኛ እጅ ነው። ከዚህ በታች ወደዚሁ እንመለሳለን።

ሙሉ ዝርዝር ካርድ

ሁለተኛው ዓይነት ተማሪው ራሱ ከሌክቸሩ እያወጣ ከአንድ ጀምሮ ቁጥር እየሰጠ የሚጽፈው ረጅም ዝርዝር ነው። ለካቴተር ከተጻፈ በቀላሉ ሠላሳና አርባ መስመር ይደርሳል። ጥቅሙ በመጻፉ ላይ ነው፤ ዝርዝሩን በሐቀኝነት የጻፈ ተማሪ ሌክቸሩ የዘለላቸውን ክፍተቶች ያገኛል። «ጓንት አድርግ» ከሚለው ቀጥሎ «አንቲሴፕቲክ ጨምር» የሚል መስመር ከመጣ፣ ስቴራይል ጓንት ባደረገ እጅ ስቴራይል ያልሆነ ጠርሙስ ሊነካ ነው ማለት ነው፤ ይህን የመሰለ ስሕተት የሚጋለጠው በመጻፍ ጊዜ ነው።

በልምምድ ጊዜ ግን ረጅሙ ዝርዝር ሸክም ይሆናል። ዐይን ከማኔኪኑ ተነሥቶ ወደ ወረቀቱ ሲሄድ፣ ከዚያም ሲመለስ፣ አሥራ ስምንተኛው መስመር ላይ ነበርኩ ወይስ አሥራ ዘጠነኛው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ደግሞም ሁሉም መስመሮች እኩል ሆነው ይታያሉ፤ መጋረጃ መሳብና ባሉን መሙላት አንድ ዓይነት ክብደት ያላቸው ይመስላል። በቁጥር የሸመደደ ተማሪ አንድ ቁጥር ሲጠፋበት የሚቀጥለውም አብሮ ይጠፋበታል። በእኔ ግምት ይህ ካርድ እንደ ረቂቅ መዘጋጀት አለበት፣ ወደ ስኪል ላብ ይዞት መግባት ግን አያስፈልግም።

የጥያቄና መልስ ካርድ

ሦስተኛው ዓይነት በትናንሽ ወረቀቶች ፊት ጥያቄ፣ በጀርባ መልስ የሚጻፍበት ነው። በታክሲ ሰልፍም ሆነ በዶርም አልጋ ላይ ሊጠና መቻሉ ተወዳጅ ያደርገዋል። ለአንዳንድ ክህሎቶች ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ነው። የደም ግፊት መለካትን ብንወስድ፣ ቅደም ተከተሉ አጭር ሆኖ ቁጥሮቹና ምክንያቶቹ ግን ብዙ ናቸው፤ ታካሚው 5 ደቂቃ እንዲያርፍ ይደረጋል፣ ክንዱ በልብ ትይዩ ይቀመጣል፣ የእጅ አንጓው ምት ከጠፋበት ነጥብ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ተደርጎ ይነፋል፣ ከዚያም በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እየቀነሰ ይለቀቃል። እነዚህን በጥያቄ መልክ መያዝ ይመቻል።

ለካቴተር ግን ይህ ካርድ ዋናውን ነገር ይበትነዋል። ተማሪው «ካቴተሩ ስንት ሴንቲሜትር ይገባል?» ለሚለው ወዲያው መልስ ይሰጣል፤ ማኔኪኑ ፊት ሲቆም ግን ቁጥሩን ያውቃል እንጂ በዚያ ቅጽበት ሁለቱ እጆቹ የት መሆን እንዳለባቸው አያውቅም። እያንዳንዱ ጥያቄ ከፊቱና ከኋላው ካለው ድርጊት ተነጥሎ ስለሚጠና፣ መገናኛው ይጠፋል።

በምዕራፍ የተከፈለ ካርድ

አራተኛው ዓይነት ክህሎቱን በእጆች ሁኔታ ለይቶ በአራት ምዕራፍ የሚከፍል፣ በእያንዳንዱም ሥር ጥቂት አጫጭር መስመሮችን ብቻ የሚይዝ፣ በአደገኛ ቦታዎች ላይ ደግሞ «ቁም» የሚል መስመር የሚጨምር ካርድ ነው። ስቴራይል ለሆነ ማንኛውም ክህሎት ይህ ከሌሎቹ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱንም ካርዱን በመሥራት ማሳየት ይቀላል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ እጆቹ ገና ተራ እጆች ሆነው የሚሠራው ሁሉ ነው። የሐኪም ትእዛዝ ይታያል፣ የታካሚዋ ማንነት ቢያንስ በሁለት መለያ፣ ለምሳሌ በሙሉ ስሟና በካርድ ቁጥሯ ይረጋገጣል፣ አለርጂ ይጠየቃል፣ ሥራው ተገልጾ ፈቃድ ይወሰዳል፣ መጋረጃ ይሳባል፣ እጅ ይታጠባል፣ ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቶቿን አጥፋ እንድትከፍት ይደረጋል፣ በተራ ጓንት አካባቢው በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፣ መብራቱም ይስተካከላል። በዚህ ምዕራፍ ላይ አንድ የንግግር መስመር ሙሉውን መጻፍ ይጠቅማል፤ ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ስለተሰጠ ብዙ ተማሪ የሚናገረውን በዚያው ቋንቋ አጥንቶ በታካሚዋ ፊት ይንተባተባል። «እህቴ፣ ሽንትዎን የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ ላስገባልዎ ነው፤ ሳጸዳዎ ይቀዘቅዝዎታል፣ ሲገባም ትንሽ ይሰማዎታል፤ ካመመዎት ወዲያው ይንገሩኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር በካርዱ ላይ እንዳለ ቢሰፍር መዛኙ የሚጠብቀውን ማብራሪያ በአብዛኛው ያሟላል። ፈቃድ መጠየቁን ግን መርሳት አይገባም፤ «ልቀጥል?» የሚለው ቃል ራሱን ችሎ ይጻፍ።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሁለቱም እጆች ስቴራይል የሆኑበት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ የሌክቸሩ ቅደም ተከተል በጣም መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። ስቴራይል ጓንት ከመደረጉ በፊት እጅ እንደገና ይጸዳል፣ ሴቱ ይከፈታል፣ አንቲሴፕቲኩ ወደ ጋሊፖት ይጨመራል፣ ካቴተሩና ሲሪንጁ ሳይነኩ በስቴራይሉ ላይ ይጣላሉ፤ ስቴራይል ውኃውም በጋሊፖት ይቀመጣል። ጓንቱ ከተደረገ በኋላ ሲሪንጁ ውኃ ይሞላል፣ የካቴተሩ ጫፍ በጄል ይለሰልሳል፣ ቀዳዳ ያለው ድሬፕ ይዘረጋል፣ ኪድኒ ዲሹ በእግሮቿ መካከል ይቀመጣል። የምዕራፉ ማብቂያ «ቁም፦ ሁለት እጅ የሚፈልግ ሥራ ቀርቷል?» የሚል መስመር ነው። ይህ መስመር በየትኛውም ሌክቸር ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በልምምድ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው መበከል የሚመጣው ከእርሱ መጉደል ነው። ተማሪው ታካሚዋን ከነካ በኋላ ጄሉ እንዳልተከፈተ ያስታውሳል፤ ያን ጊዜ በተበከለው እጅ ጄሉን ይይዛል፣ ወይም የያዘውን ይለቅቃል። ሁለቱም ምዘናውን ያበላሹበታል።

ሦስተኛው ምዕራፍ እጆቹ የሚለያዩበት ነው። ሌክቸሩ «ግራ እጅ» እና «ቀኝ እጅ» ብሎ ከጻፈ ግራኝ ተማሪ ይደናገራል፤ ስለዚህ በካርዱ ላይ «ያዥ እጅ» እና «ሠሪ እጅ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። የምዕራፉ ሙሉ ገጽታ ይህን ይመስላል፦

ያዥ እጅ የብልት ከንፈሮችን ይከፍታል፤ ከዚህ በኋላ ተበክሏል፣ አይለቅቅም።
ሠሪ እጅ በፎርሴፕስ፦ ሩቅ ጎን፣ ቅርብ ጎን፣ መሐል። ከላይ ወደ ታች፤ ለአንድ ማጽዳት አንድ ጥጥ።
ጥልቅ ትንፋሽ እንድትወስድ ንገር፤ ካቴተሩን ከ5 እስከ 7.5 ሴንቲሜትር አስገባ።
ቁም፦ ሽንት መጣ? ካልመጣ ካቴተሩን አታውጣ፤ ባለበት ትተህ በአዲስ ስቴራይል ካቴተር ከእርሱ በላይ ሞክር።
ቁም፦ እምቢ ካለ አትግፋ።
ሽንት ከመጣ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲሜትር ጨምር።
ያዥ እጅ አሁን ካቴተሩን ይይዛል።
ባሉኑን በመሙያው አፍ ላይ በታተመው መጠን ሙላ።
ቁም፦ ካመማት ወይም ሲሪንጁ ከከበደ ውኃውን መልሰህ አውጣ፣ ካቴተሩን ወደ ውስጥ ጨምር፣ እንደገና ሙላ።
በቀስታ ወደ ውጭ ሳብ፤ መያዙን አረጋግጥ።

እነዚህን መስመሮች ቀረብ ብሎ ያያቸው ሰው የሌክቸሩ የመጨረሻ ገጾች ወዴት እንደሄዱ ያገኛል። ሽንት አለመምጣቱ ካቴተሩ ወደ ሴት ብልት መግባቱን ሊያመለክት ይችላል፤ የተሳሳተው ካቴተር ባለበት የሚተወውም የተሳሳተችውን ቀዳዳ ምልክት አድርጎ ሁለተኛው ወደዚያው እንዳይገባ ለመከላከል ነው፤ ሁለተኛው በትክክል ከገባ በኋላ ይወጣል። ሽንት ከመጣ በኋላ ተጨማሪ ሴንቲሜትሮች የሚያስፈልጉት ደግሞ የሽንት መውጫው ቀዳዳ ከባሉኑ ቀድሞ በካቴተሩ ጫፍ ላይ ስለሚገኝ ነው፤ ሽንት ታየ ማለት ጫፉ በሽንት ፊኛ ውስጥ ነው ማለት እንጂ ባሉኑም ገብቷል ማለት አይደለም። ይህን ምክንያት የተረዳ ተማሪ መስመሩን ሳያነብም አይረሳውም፤ ስለዚህ ምክንያቱ በካርዱ ጀርባ በትንሹ ቢጻፍ ይበቃል። ፊቱ ለድርጊት ብቻ ይሁን።

አራተኛው ምዕራፍ አጭር ነው። ካቴተሩ ከዩሪን ባግ ጋር ይያያዛል፣ ሳይወጠር በጭኗ የውስጥ ጎን በፕላስተር ይታሰራል፣ ባጉ ከሽንት ፊኛ ዝቅ ብሎ ወለሉን ሳይነካ ይሰቀላል፣ ታካሚዋ ትደርቃለች፣ ትሸፈናለች፣ ጓንት ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባል፣ ቀንና ሰዓት፣ የካቴተሩ መጠን፣ የባሉኑ ውኃ መጠን፣ የሽንቱ መጠንና ቀለም ይመዘገባሉ። ይህ ምዕራፍ ቀላል በመሆኑ ይናቃል፤ የምዘናው ሰዓት ሲያልቅም የሚቆረጠው እርሱ ነው። ስለዚህ በካርዱ ላይ የምዝገባዎቹ ነጥቦች ተዘርዝረው ይቀመጡ፤ «መዝግብ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ነጥብ ያስጥላል።

ካርዱ መሥራቱን መፈተሽ

ካርዱ ከተጻፈ በኋላ የሚሠራ መሆኑ የሚታወቀው ከጓደኛ ጋር ነው። በመጀመሪያው ዙር ጓደኛው መስመሮቹን አንድ በአንድ ያነብባል፤ የሚሠራው ተማሪ የተነበበውን ብቻ ይሠራል፣ ከራሱ ምንም አይጨምርም። እጁ ግራ ተጋብቶ ከቆመ የጎደለ መስመር አለ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለመሥራት ከሞከረ ደግሞ አንዱ መስመር መከፈል አለበት። በሁለተኛው ዙር ካርዱ ይገለበጣል፤ ጓደኛው የትምህርት ቤቱን የምዘና ቅጽ ይዞ ምንም ሳይናገር ምልክት ያደርጋል። የመጀመሪያው የካርድ ዓይነት ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ጓደኛው በተለይ አንድ ነገር እንዲከታተል ይጠየቅ፦ ያዥ እጅ መቼ ለቀቀ? ተማሪው ራሱ ይህን አያስተውለውም፤ ዐይኑ በሠሪ እጁ ላይ ነውና።

ማኔኪን የማይመልሳቸው ጥያቄዎችም አሉ። ፕላስቲኩ አይታመምም፣ ብዙ ጊዜም ሽንት አያወጣም፤ ስለዚህ «ቁም» የሚሉት መስመሮች በልምምድ ላይ ሳይነኩ ያልፋሉ። መፍትሔው ጓደኛው በማንኛውም ሰዓት «ሽንት አልመጣም» ወይም «አመመኝ» እንዲል መስማማት ነው። ተማሪውም የሚያደርገውን ጮክ ብሎ ይናገር፤ በምዘና ላይ መዛኙ ያላየውን ወይም ያልሰማውን ነገር እንደተሠራ ሊቆጥርለት አይችልም።

በቀረው ጊዜ መሠረት መምረጥ

ምዘናው ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ከቀረው፣ ሙሉ ዝርዝሩን በረቂቅ ጽፎ ከዚያ በምዕራፍ የተከፈለውን ካርድ ማውጣት የተሻለ መንገድ ነው፤ ረቂቁ ክፍተቱን ያጋልጣል፣ ካርዱ ልምምዱን ይመራል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ከቀረ ረቂቁን ትቶ በቀጥታ ከምዘና ቅጹ መጀመርና በላዩ ላይ አራቱን ምዕራፎች በመስመር መለየት፣ ከዚያም ከሌክቸሩ መጨረሻ «ቁም» የሚሆኑትን ብቻ እየመረጡ በጎን መጻፍ ይቻላል። የመጨረሻው ሌሊት ለአዲስ ካርድ አይሆንም፤ ያን ጊዜ የሚጠቅመው ሦስተኛውን ምዕራፍ ካርዱን ሳያዩ በባዶ እጅ፣ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ መደጋገም ነው። ስኪል ላቡ ዝግ ቢሆንም የእጆቹ ቅደም ተከተል ያለ ዕቃ ሊለማመድ ይችላል።

ምዘናው ላይ ብዙ ጣቢያዎች ካሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ካርድ መሥራት አያስፈልግም። ለካቴተር፣ ለቁስል ማሸግና ለመሰል ስቴራይል ሥራዎች በምዕራፍ የተከፈለው ይመረጥ፤ ለደም ግፊትና ቁጥር ለሚበዛባቸው ልኬቶች የጥያቄና መልሱ ይበቃል።

ሌክቸሩና መዛኙ ሳይስማሙ

ካርድ ሲሠራ መጻሕፍትና መምህራን የሚለያዩባቸው ነጥቦች መገኘታቸው አይቀርም። በካቴተር ላይ የሚታወቀው የባሉኑ ቅድመ ሙከራ ነው፤ አንዳንዶች ካቴተሩ ከመግባቱ በፊት ባሉኑ ተሞልቶ መፍሰስ አለመፍሰሱ እንዲታይ ያስተምራሉ፣ ሌሎች ደግሞ በተለይ በሲሊኮን ካቴተር ላይ ባሉኑን ሊያሰፋውና ሲገባ ታካሚዋን ሊያሳምም ስለሚችል፣ አምራቾችም ስለማይመክሩት ይተዉታል። እንዲህ ባለ ነጥብ ላይ ተማሪው በራሱ ፍርድ አንዱን መርጦ በቀለም መጻፍ የለበትም። በካርዱ ላይ ቦታውን በእርሳስ ይተውና ዲሞንስትሬሽኑን ያሳየውን መምህር «በምዘናው ላይ የሚጠበቀው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ ሲገኝ ይሙላው። ወደ ዋርድ ሲሄድ ደግሞ ያንኑ መስመር በዚያ ክፍል አሠራርና በካቴተሩ ማሸጊያ ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት እንደገና ያስተካክለዋል፤ እርሳሱ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።